ሙከራው በየትኛው ቀን ያበቃል? የመካከለኛ ባለሙያ የቅጥር ደብዳቤ ሲነበብ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት፣ የሰባት ዓመት ልምድ ላላት የሂሳብ ባለሙያ የሚከተለውን ደብዳቤ ጻፈላት እንበል። «በድርጅታችን በሂሳብ ክፍል ኃላፊነት የሥራ መደብ በወር ብር 40,000 እየተከፈለዎት ከጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠሩ የተመረጡ መሆኑን እየገለጽን፣ የሙከራ ጊዜዎ ሦስት ወር፣ ተጠሪነትዎም ለማኔጅመንቱ ይሆናል። ቅጥርዎ የሚጸናው አስፈላጊ ማስረጃዎችን አሟልተው ሲገኙ ነው።» ከግርጌው ማኅተም፣ ፊርማና ቲተር አለ። ደብዳቤው የተቀናበረ ቢሆንም እያንዳንዱ ሐረግ በየቀኑ ከሚጻፉ ደብዳቤዎች የተወሰደ ነው፤ በሰው ሀብት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ቃል በቃል ሊያውቀው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደረውን የግል ድርጅት ቅጥር ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የእነርሱን ጉዳይ ወደ ጎን እንተወዋለን። በተለምዶ ኦፈር ሌተር የምንለውን ወረቀት ብዙ ሰው እንደ ማብሰሪያ ይቆጥረውና «ዋናው ውል በኋላ ይመጣል» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን አዋጁ የሥራ ውል በተለየ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር የተለየ ፎርም እንዲኖረው አያስገድድም። አንዱ ወገን ሥራውን፣ ደመወዙንና መነሻ ቀኑን ጽፎ ካቀረበ፣ ሌላው ወገንም ተቀብሎ ሥራ ከጀመረ በመካከላቸው የሥራ ውል አለ ማለት ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም ከተቀበለ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ያ ጽሑፍ የሥራ ውል ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ «ውሉ በኋላ ይመጣል» ያለ ሰው፣ ውሉ ሳይመጣ ክርክር ከተነሳ በእጁ የሚይዘው ይህንኑ የአምስት መስመር ደብዳቤ ነው።

እነዚህን አምስት መስመሮች በሚያነብ ሰው ዘንድ ጠቃሚው ጥያቄ ሕጉ የትኛውን ክፍተት ራሱ ይሞላል፣ የትኛውን ደግሞ ለተዋዋዮቹ ይተወዋል የሚለው ነው። በሙከራ ጊዜው ላይ የተጻፈው ስህተት ቢሆን እንኳ ሕጉ ያርመዋል። ደመወዙ ሳይብራራ ከቀረ ግን የትኛውም አንቀጽ አያብራራውም። ተጠሪነቱ ከሁለቱም ይለያል፤ ምክንያቱም እርሱና ከእርሱ ጋር የሚሰጠው ሥልጣን፣ አዋጁ በዚህች ባለሙያ ላይ ተፈጻሚ መሆን አለመሆኑን ራሱ ሊወስን ይችላል።

በሙከራ ጊዜው እንጀምር። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ ጣሪያ 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ በአንቀጽ 11 ከፍ አድርጎ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ደነገገ፤ የሙከራ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ለውጡ በቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ «ተከታታይ ቀናት» የሚለው «የሥራ ቀናት» በሚለው ተተክቷል። ብዙ ደብዳቤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «60 የሥራ ቀን ማለት ያው ሦስት ወር ገደማ ነው» የሚለው የቢሮ ስሌት በየደብዳቤው «ሦስት ወር» ሆኖ ይገለበጣል።

ቀኑን ቆጥረን እንየው። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ድርጅቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚሠራ ቢሆን 60 የሥራ ቀናት አሥራ ሁለት ሳምንት ይሆናሉ፤ በመካከሉ ሥራ የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል ስለሌለ 60ኛው ቀን ዓርብ ታኅሣሥ 24 ላይ ይውላል። ድርጅቱ ቅዳሜንም ጨምሮ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ ግን አሥር ሳምንት ይበቃዋል፤ 60ኛው ቀንም ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ይሆናል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሦስት ወር ደግሞ እስከ ጥር 2 ይዘልቃል። እንግዲህ ለአንዲት ሠራተኛ አንድ የሙከራ ጊዜ ሦስት ማብቂያ ቀን ሊኖረው ነው። በከተማችን ብዙ የንግድ ድርጅቶች እንደሚያደርጉት ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ግማሽ ቀን አንድ የሥራ ቀን ሆኖ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል አራተኛ ክርክር ይጨመራል።

አሁን ድርጅቱ በሥራዋ አልረካም እንበልና፣ «በሙከራ ጊዜዎ ያሳዩት ውጤት አጥጋቢ ሆኖ ስላልተገኘ» የሚል ደብዳቤ ታኅሣሥ 28፣ በገና ዋዜማ፣ ያስረክባት። የሰው ሀብት ክፍሉ ሦስት ወር ስላልሞላ በጊዜ የደረሰ ይመስለዋል። በሕጉ ዓይን ግን በአምስት ቀንም ሆነ በስድስት ቀን ሳምንት ቢቆጠር ሙከራው አልቋል። የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ ሁኔታ ለሠራተኛ ሊያስቀምጥ ስለማይችል «ሦስት ወር» ከሚለው ውስጥ ከ60 የሥራ ቀናት የሚተርፈው ክፍል ዋጋ የለውም። ሠራተኛዋ ሙከራው ካለቀ በኋላ ሥራዋን ከቀጠለች ደግሞ ውሉ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደተደረገ ይቆጠራል። «ቋሚ ሆነዋል» የሚል የማጽኛ ደብዳቤ አለመሰጠቱ ይህንን አይለውጠውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው የማጽኛ ደብዳቤ እስኪደርሰው ራሱን ጊዜያዊ አድርጎ መቁጠሩ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። «ሙከራው ለተጨማሪ 30 ቀን ተራዝሟል» የሚለው ማስታወሻም፣ ሠራተኛዋ ብትፈርምበት እንኳ፣ ከጣሪያው በላይ ባለው ዕጣው ያው ነው።

ልዩነቱ በገንዘብ ይለካል። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ሥራ ስንብት ክፍያና ያለ ካሣ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ስንብቱ በአዋጁ የተዘረዘረ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያለ በቂ ምክንያት ከሆነና ሠራተኛዋ ወደ ሥራ ካልተመለሰች፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ሲሆን ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም ይታከልበታል። የወር ደመወዟ 40,000 ብር ከሆነና ለ30 ከተካፈለ፣ ካሣው ብቻውን 240,000 ብር ይደርሳል። ድርጅቱ ይህንን ገንዘብ የሚያጣው ሠራተኛ በመመዘን ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ ምዘናው ትክክል ሆኖ ቀን በመቁጠር ብቻ ሊከስር ይችላል።

መፍትሔው በጣም ቀላል ስለሆነ ለምን እንደማይለመድ ይገርመኛል፤ የቀናት ብዛት ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የሙከራው የመጨረሻ ቀን ራሱ ይጻፍ። ቅዳሜ አጠያያቂ ከሆነ ቅዳሜን እንደ ሙሉ ቀን ቆጥሮ ቀደም ያለውን ቀን መያዝ ማንንም አይጎዳም፤ ጣሪያው የሚከለክለው ማሳነስን ሳይሆን ማብዛትን ነውና።

ደመወዙ ላይ ስንደርስ ሕጉ የሚረዳን ነገር በጣም ጥቂት ነው። አዋጁ የሥራ ውል የደመወዙን መጠን፣ የሚሰላበትን ዘዴ፣ የሚከፈልበትን ሁኔታና ጊዜ እንዲገልጽ ያዛል እንጂ፣ «ብር 40,000» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። በቃለ መጠይቁ ላይ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ተብላ «አርባ ሺህ» ስትል በአሳቧ እጇ የሚገባው ነበር። ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው አሳብ ውስጥ ደግሞ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው ነበር። ሁለቱም አልዋሹም።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት፣ ከወር ገቢ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን ከ14,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ይቀረጣል። በአጭሩ ስሌት የ40,000 ብር 35 በመቶ 14,000 ይሆናል፤ ተቀናሹ 2,050 ሲወርድለት ግብሩ 11,950 ብር ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ፣ ማለትም 2,800 ብር፣ ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 25,250 ብር ነው። የጠበቀችው የተጣራ 40,000 እንዲደርሳት ከተፈለገ ያልተጣራው ደመወዝ 65,431 ብር መሆን ነበረበት። አንድ ቃል ሳይጻፍ ስለቀረ በሁለቱ መካከል በየወሩ ከ25,000 ብር በላይ የሚሆን ገደል አለ ማለት ነው።

«የተጣራ» ብሎ መጻፍም ቢሆን ብልጫ ብቻ አይደለም። ማሻሻያው ከመምጣቱ በፊት በ40,000 ብር ላይ የሚከፈለው ግብር 12,500 ብር ነበር። ሕጉ ሲለወጥ ባልተጣራ ደመወዝ የተዋዋለ ሠራተኛ ያለ ምንም ድርድር በየወሩ 550 ብር ተጨመረለት፤ በተጣራ ደመወዝ የተዋዋለው ግን እጁ የሚገባው አልተለወጠም፣ የግብሩ ቅናሽ ለአሠሪው ቀረ። ግብር ቢጨምር ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ስለዚህ የተጣራ መጠን የሚጽፍ ደብዳቤ የግብር ለውጥ ሲመጣ ትርፉም ኪሳራውም የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። በእኔ አስተያየት ለሁለቱም ወገን ጤናማው ያልተጣራውን መጻፍና፣ በደብዳቤው ቀን በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት እጅ የሚገባውን ግምት አጠገቡ ማስፈር ነው።

ሌላው በደመወዝ መስመር ላይ የሚደበቀው ነገር የአበል ክፍፍል ነው። ድርጅቱ 40,000ውን 28,000 መደበኛ ደመወዝና 12,000 የትራንስፖርት አበል አድርጎ ሊከፍለው ይችላል። አበሉ ሁሉ ግብር ይከፈልበታል ብለን ብናሰላ (በመመሪያ ከተወሰነው ጣሪያ በታች ያለው የትራንስፖርት አበል ነጻ ስለሆነ በተግባር ግብሩ ትንሽ ይቀንሳል) ግብሩ ያው 11,950 ሆኖ ጡረታው ወደ 1,960 ብር ዝቅ ይላልና እጇ የሚገባው 26,090 ብር ይሆናል። በወሩ መጨረሻ በባንክ የሚገባውን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ጭማሪ ነው። ነገር ግን አዋጁ በአንቀጽ 53 የትራንስፖርት አበልን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ ቦነስንና ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። የጡረታ መዋጮዋ፣ የሥራ ስንብት ክፍያዋና ከላይ ያየነው የ180 ቀን ካሣ የሚሰሉት በ28,000 ላይ ነው። ካሣው ከ240,000 ወደ 168,000 ብር ወረደ። እጅ ላይ 840 ብር የጨመረው ክፍፍል፣ ነገሩ በከፋ ጊዜ 72,000 ብር ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ሕገወጥ አይደለም፤ ግን ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ሠራተኛዋ የምታውቀው የመጀመሪያው የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ሲደርሳት ነው።

ተጠሪነት የሚለውን መስመር ሰው ቶሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ለመካከለኛ ደረጃ ባለሙያ ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ይህ ይመስለኛል። በታች ያለ ሠራተኛ አለቃው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ራሱ ይደራደርበታል። የክፍል ኃላፊ፣ አስተባባሪ፣ ሱፐርቫይዘር ተብሎ የሚቀጠረው ሰው ግን በሁለቱ መካከል ስላለ፣ የደብዳቤው አጻጻፍ ወደ አንዱ ወገን ሊወስደው ይችላል።

አዋጁ በአንቀጽ 3 የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነቱ ያወጣቸዋል። የሥራ መሪ የሚባለው በሕግ ወይም ከአሠሪው በተሰጠው ሥልጣን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ኃላፊነት ያለበት፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበትና የመመደብ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። በዚህ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚዳኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ የ60 ቀን ጣሪያ፣ በአዋጁ የተዘረዘሩ የስንብት ምክንያቶች፣ የ180 ቀን ካሣ የሚባሉት ለእርሱ አልተጻፉም። ከላይ ገጽ ሙሉ የቆጠርነው ሁሉ ማለት ነው።

እንግዲህ የእኛ ደብዳቤ «የሂሳብ ክፍል ኃላፊ» ይላል፣ ተጠሪነቷንም «ለማኔጅመንቱ» ያደርጋል። ማኔጅመንት ሰው አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ክርክር ሲነሳ ድርጅቱ «ከማኔጅመንቱ ጋር በቀጥታ የምትሠራ ኃላፊ ስለሆነች የሥራ መሪ ነች፤ አዋጁን ልትጠቅስ አትችልም» ሊል ይችላል። እርሷ ደግሞ «በሥሬ ሁለት የሂሳብ ሠራተኞችና አንዲት ገንዘብ ያዥ አሉ፤ ማንንም ቀጥሬ አሰናብቼ አላውቅም፣ ዕረፍታቸውን እንኳ የሚፈቅደው የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ ነው» ትላለች። ትርጉሙ የሚመለከተው የተሰጠውን ሥልጣን እንጂ የመደቡን ስም ስላልሆነ፣ የሚያሸንፈው ሥልጣኑን በማስረጃ ማሳየት የቻለው ነው። የሥራ ዝርዝሩ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ባልኖረ። ብዙ ጊዜ ግን የሥራ ዝርዝሩ «በሌላ ጊዜ ይሰጥዎታል» ተብሎ ይቀራል፣ ወይም በመጨረሻው ተራ ቁጥር «በቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎችን ያከናውናል» የሚል ይዞ ይመጣል፤ የቅርብ አለቃው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ጥርት ያለ ተጠሪነት ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ሙከራውን የሚመዝነው ማን ነው? ድርጅቱ አዳማ ቅርንጫፍ ካለውና ባለሙያዋ እዚያ ከተመደበች፣ ሰዓት የሚቆጣጠረውና ፈቃድ የሚሰጠው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሂሳብ ሪፖርቱን የሚቀበለው ግን አዲስ አበባ ያለው የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ነው። እንዲህ ያለው ሁለት ተጠሪነት በራሱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ የወሩን ሂሳብ በወቅቱ ዘግታ ስለላከች ጥሩ ይሰጣታል፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ያለ ደረሰኝ ወጪ አላወራርድም ስላለችው ዝቅተኛ ይሰጣታል። ሕጉ በሙከራ ጊዜ ለማሰናበት ምክንያት ያደረገው ለሥራው ተስማሚ አለመሆንን ነው። ስለዚህ ተስማሚነቱን የሚፈርደው ሰው፣ መለኪያውና የሚፈርድበት ቀን አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ምዘናው ከሁለቱ አለቆች የትኛው ቀድሞ ጻፈ ወደሚል ይወርዳል። እንዲህ ላለው መደብ ሁለት መስመር ይበቃል፤ በሥራዋ ተጠሪነቷ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ እንደሆነ፣ በዕለታዊ አስተዳደር ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ እንደሆነና የሙከራ ምዘናዋን የሚፈርመው የመጀመሪያው እንደሆነ። የአለቃው ስም ሳይሆን የመደቡ ስም ይጻፍ፤ ሰው ይለዋወጣል።

የቀረው «አስፈላጊ ማስረጃዎችን አሟልተው ሲገኙ» የሚለው ነው። ከልምዳችን እነዚህ ማስረጃዎች የቀድሞ አሠሪ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ከኦርጅናሉ ጋር ማመሳከር፣ የጤና ምርመራ፣ ገንዘብና ንብረት ለሚነካ መደብ ደግሞ ዋስ ናቸው። ደብዳቤው ስላልዘረዘራቸው ሠራተኛዋ የምታውቃቸው አንድ በአንድ ስትጠየቅ ነው፤ ዋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ይመጣል፣ የቀድሞ ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ። የዋሱ የደመወዝ መጠን ስንት መድረስ እንዳለበት፣ ኃላፊነቱም እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ለመዋስ ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ቢገኝ እንኳ ሰነዱ ላይ ያለውን ገደብ የሌለውን ቃል ሲያይ ያፈገፍጋል፤ አይፈረድበትም።

ከባዱ ግን የቀኑ ጉዳይ ነው። ባለሙያዋ አሁን ባለችበት ድርጅት ሙከራዋን የጨረሰች ስለሆነች ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት፤ ይህን ሳታከብር ብትወጣ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቅ ትችላለች። ደብዳቤው መስከረም 6 ደረሳት፣ በማግስቱ መስከረም 7 የመልቀቂያ ማመልከቻዋን አስገባች ብንል፣ 30 ቀኑ የሚሞላው ጥቅምት 7 ነው። አዲሱ ደብዳቤ ግን ጥቅምት 3 እንድትጀምር ይላል። መልቀቂያ አምጪ የሚለው ቅድመ ሁኔታና የሥራ መጀመሪያ ቀኑ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ቀኑን ለማክበር አራት ቀን ቀድማ ብትወጣ የቀድሞ አሠሪዋ መልቀቂያውን ሊይዝባት ይችላል፤ መልቀቂያውን ብትጠብቅ አዲሱ ድርጅት «በተባለው ቀን አልተገኙም» ይላል። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትን አሠሪ ለሠራተኛው መስጠት በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው፤ የንብረት ርክክብ ማጠናቀቂያ የሆነው ክሊራንስ ግን በየድርጅቱ ደንብ የሚጓተት ሌላ ወረቀት ስለሆነ፣ ለቅጥር ማጽኛ የሚጠየቀው የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው ለይቶ ቢናገር ሳምንታት ይተርፋሉ።

ቅድመ ሁኔታ ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው የመልቀቂያ ማመልከቻውን የሚያስገባው መቼ ነው? መልሱ እንደ ቅድመ ሁኔታዎቹ ዓይነት ይለያያል። የትምህርት ማስረጃ ማመሳከር፣ የጤና ምርመራና ዋስ ከመልቀቅ በፊት ሊያልቁ የሚችሉ ናቸው፤ መልቀቂያ ብቻ በባሕርዩ ከመልቀቅ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ደብዳቤ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹን እስከ አንድ ቀን ድረስ አሟልተው ያቅርቡ ይልና፣ ሲሟሉ ድርጅቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ የመልቀቂያ ማመልከቻው የሚገባው ከዚያ ማረጋገጫ በኋላ ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ሰነድ ካለ ደግሞ ለእርሱ የራሱ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል።

ባለሙያዋ መስከረም 6 ከሰዓት በኋላ፣ ከመፈረሟ በፊት፣ ለሰው ሀብት ክፍሉ አራት ጥያቄ የያዘ አጭር ኢሜይል ላከች እንበል፤ አርባ ሺሁ የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ፣ ሙከራው በየትኛው ቀን ያበቃል፣ የሚመዝነኝ ማን ነው፣ የትኞቹን ማስረጃዎች እስከ መቼ ላምጣ። ዋስና የጤና ምርመራው በዚያው ሳምንት ሊያልቅ ስለማይችል መነሻ ቀኑ እንዲገፋም ጠየቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቅጥሩን ያበላሽብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። በተግባር ግን ደብዳቤው ከአሮጌ ናሙና የተገለበጠ ስለሚሆን፣ የሚያርመው ሰው ራሱ ጥያቄው እስኪመጣ አላስተዋለውም። እርማቱም ከአንድ አንቀጽ ብዙም አይረዝምም፤

«በሂሳብ ክፍል ኃላፊነት መደብ፣ በአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥረዋል። ወርኃዊ ደመወዝዎ ግብርና የጡረታ መዋጮ ያልተቀነሰለት ብር 40,000 መደበኛ ደመወዝ ሲሆን ወሩ በገባ በ30ኛው ቀን በባንክ ይከፈላል። ተጠሪነትዎ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሥልጣንና ተግባርዎ በተያያዘው የሥራ ዝርዝር ተገልጿል፤ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን አይጨምርም። የጤና ምርመራ ውጤት፣ የትምህርት ማስረጃዎን ኦርጅናልና እስከ ብር 100,000 የሚደርስ ዋስትና እስከ መስከረም 13 ቀን ያቅርቡ፤ መሟላታቸውን በማግስቱ በጽሑፍ እናረጋግጥልዎታለን። የቀድሞ አሠሪዎን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጨርሰው ሥራ የሚጀምሩት ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትዎን ሥራ በጀመሩ በ30 ቀን ውስጥ ያስገባሉ። የሙከራ ጊዜዎ የመጨረሻ ቀን ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ምዘናውንም የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በፊት ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ፈርሞ ያሳውቅዎታል።»

ማረጋገጫው መስከረም 14 ከመጣና በዚያው ቀን የመልቀቂያ ማመልከቻዋን ብታስገባ 30 ቀኑ ጥቅምት 14 ይሞላል፤ ጥቅምት 17 ሰኞ ነው፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 24 ያለው ደግሞ ቅዳሜ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ከ60 የሥራ ቀናት በታች ነው። በአንቀጹ ውስጥ አንድ የሚያከራክር ነገር ቀርቷል፤ የአበል ጉዳይ። ድርጅቱ አበል እንደሌለ ካሰበ «ከዚህ ውጪ የሚከፈል አበል የለም» ብሎ መጨመር አለበት፤ ካለም ስሙንና መጠኑን ለብቻው ጽፎ፣ ከመደበኛው ደመወዝ በተጨማሪ የሚከፈል መሆኑን መናገር። ባለሙያዋ አምስተኛውን ጥያቄ ለዚህ ልትልክ ይገባል፣ ከመፈረሟ በፊት።